ዝም የሚነቅዝበት ሰኔ

«ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አነስተኛ የኮንሰልታንት ቢሮ አለን። በ2014 ዲዛይኑን ሠርተን፣ ግንባታውንም ተቆጣጥረን በ2016 ያስረከብነው አንድ ጂ ፕላስ 3 ሕንፃ አለ፤ ያረፈው በዋልካ አፈር ላይ ነው። በ2017 ግንቦት መጨረሻ ላይ ባለቤቱ በቴሌግራም ሦስት ፎቶ ላከልኝ። ምድር ቤት ያለ ግድግዳ ከበሩ ጥግ ተነስቶ ሰያፍ ተሰንጥቋል። በሩም አልዘጋ ብሏል። ‹ሲመችህ ብቅ ብለህ እየው› አለኝ እንጂ ገንዘብም ክስም አላነሳም። የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንሳችን ሰኔ መጨረሻ ላይ ያበቃል። ደላላችን ደግሞ ረከስ ያለ ሌላ ኩባንያ አግኝቶልናል። ሸሪኬ ‹ማንም ሳይጠይቀን ምን አስለፈለፈን? ዝም አይነቅዝም› ይላል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ልንገራቸው ወይስ ልተወው?»
መሐንዲሱ፣ ከደብረ ብርሃን

ወንድሜ፣ ንገራቸው። በጽሑፍ ንገራቸው፣ አሁን ላለው ኢንሹራንስህ ንገራቸው፣ ፖሊሲው ሳያበቃ ንገራቸው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እንዳልነገርካቸው ቁጠረው።

ሸሪክህ ክፉ አላሰበም። ብዙ ሰው ኢንሹራንስን የሚያውቀው በመኪናው ነው። በመኪና ኢንሹራንስ የሚታየው ግጭቱ የደረሰበት ቀን ነው። ያን ቀን ፖሊሲ ከነበረህ ባለጉዳዩ ዘግይቶ ቢጠይቅም ያ ፖሊሲ ይመልስልሃል። የአንተ ግን እንደዚያ አይደለም። የሙያ ኃላፊነት ፖሊሲ አብዛኛውን ጊዜ «ክሌምስ ሜድ» የሚባለው ዓይነት ነው። ስህተቱ መቼ ተሠራ አይልም። የካሳ ጥያቄው መቼ ቀረበ ነው የሚለው። በ2014 ለሠራኸው ዲዛይን በ2018 ቢጠይቁህ፣ የሚመለከተው የ2018ቱ ፖሊሲ ነው። የ2014ቱ ፖሊሲ ያኔውኑ ሞቷል።

አሁን በራስህ ጉዳይ እንየው። ዝም አላችሁ እንበል። ሰኔ አለፈ፣ ወደ ርካሹ ኩባንያ ተዛወራችሁ። ክረምቱ ገባ፣ ስንጥቁ ሰፋ። ጥር 2018 ላይ ባለቤቱ በጠበቃ በኩል ደብዳቤ ላከ። ይዘህ ወደ አሮጌው ኢንሹራንስ ሄድክ። «ጥያቄው የቀረበው የእኛ ውል ካበቃ በኋላ ነው» አሉህ፤ ልክ ናቸው። ወደ አዲሱ ሄድክ። አዲሱ የመጀመሪያ ጥያቄው «ይህን ነገር መቼ አወቃችሁ?» የሚል ነው። ባለቤቱ የቴሌግራሙን መልእክት ከነቀኑ ከደብዳቤው ጋር አያይዞታል። ግንቦት 2017! አዲሶቹ ፖሊሲዎች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ውሉ ከመጀመሩ በፊት የሚታወቅን ሁኔታ አይሸፍኑም። እነሱም ልክ ናቸው። ሁለት ፖሊሲ ገዝተህ መሀል ሜዳ ላይ ቀረህ ማለት ነው።

ከዚህ የሚያወጣህ አንድ አንቀጽ ነው። የፖሊሲህን «ማስታወቂያ» ወይም «የካሳ ጥያቄ አቀራረብ» የሚለውን ክፍል ክፈት። በየኩባንያው አጻጻፉ ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው፦ በውሉ ዘመን ውስጥ ወደፊት የካሳ ጥያቄ ሊያስነሳ የሚችል ሁኔታ ካወቅህና በዚያው ዘመን ውስጥ በጽሑፍ ካስታወቅህ፣ ከዚያ ሁኔታ የሚመጣ ጥያቄ መቼም ይምጣ መቼ፣ በዚህ ውል ዘመን እንደቀረበ ይቆጠራል። ጥር ላይ የመጣው ደብዳቤ ወደ ሰኔ ይመለሳል ማለት ነው። በውል ጉዳይ የሚቀርብ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በመርህ ደረጃ 10 ዓመት ድረስ ሊመጣ እንደሚችል ስታስብ፣ የዚህች አንቀጽ ዋጋ ይገባሃል። አንቀጿ ከሌለችበት ደግሞ ዛሬውኑ ደላላህን ጠይቀው፤ አንዳንድ ፖሊሲ ውስጥ በእርግጥም የለችም።

አንቀጹን ስታነብ አንዲት ቃል ላይ ቁም። «ሊያስነሳ የሚችል» ነው የሚለው ወይስ «የማስነሳት ዕድሉ ሰፊ የሆነ»? ፖሊሲው በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ልዩነቷ ታመልጣለች፤ ትልቅ ናት። በመጀመሪያው አጻጻፍ ሩቅ የማይባል ስጋት ካለ በቂ ነው። በሁለተኛው ግን «ይመጣል» የሚለው «አይመጣም» ከሚለው መብለጥ አለበት። የአንተ ጉዳይ በመጀመሪያው ያለ ጥርጥር ይገባል። በሁለተኛውም ቢሆን ይገባል ባይ ነኝ። በዋልካ ላይ ያረፈ ሕንፃ፣ ከበልግ ዝናብ በኋላ ከበር ጥግ የተነሳ ሰያፍ ስንጥቅ፣ የማይዘጋ በር፣ ባለቤቱ ራሱ መሐንዲሱን የጠራበት መልእክት። ይህን ሁሉ ደርድሮ «ምንም አይመጣም» የሚል መሐንዲስ ካለ እኔ አላገኘሁትም። አንተም እንቅልፍ ያጣኸው ለዚህ ነው።

«እኔ እንጂ ሸሪኬ ፎቶውን አላየም» ብትል አያዋጣም። አንዱ ሸሪክ ያወቀውን ድርጅቱ እንዳወቀው ነው የሚቆጠረው።

ስለ ቀኑ ልንገርህ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ። «ሰኔ መጨረሻ» ብለሃል። ፖሊሲውን አውጥተህ ቀኑን አንብብ። ፖሊሲዎቻችን በእንግሊዝኛ ተጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚሞሉት። ጁላይ 7 ከሆነ ሰኔ 30 ነው፤ ልክ ነህ። ጁን 30 ከሆነ ግን ሰኔ 23 ነው። አንድ ሳምንት ጠፋችህ ማለት ነው! የሚያበቃበትን ሰዓትም እይ። አንዳንዱ እኩለ ሌሊት ይላል፣ አንዳንዱ ሌላ ሰዓት ይጠቅሳል። የመጨረሻው ቀን ቅዳሜና እሁድ ላይ መዋሉንም ተመልከት።

እኔ በአንድ ኢንሹራንስ የካሳ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ የቅየሳ ባለሙያ ነበር። የወሰን ስህተት እንደሠራ በግንቦት አወቀ። ለደላላው ቡና እየጠጡ ነገረው። ደላላውም «እኔ አስታውቅልሃለሁ» አለው። ደብዳቤው መዝገብ ቤታችን የገባው ሐምሌ 4 ነው። ውሉ ያበቃው ሰኔ 30። የውድቅ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ቢሮዬ መጥቶ «ነግሬያለሁ እኮ» ሲል እስካሁን ይታየኛል። ነግሯል፣ እውነቱን ነው። የነገረው ግን ለደላላው ነው። ደላላ በአብዛኛው የደንበኛው ወኪል ነው እንጂ የኢንሹራንሱ ጆሮ አይደለም። ስለዚህ ለደላላህ ግልባጭ ስጠው፤ ዋናውን ግን በፖሊሲው ላይ ለማስታወቂያ ወደተጻፈው አድራሻ ራስህ አድርስ። አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ከተባለ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጠዋት ወጥተህ ከሰዓት ትመለሳለህ። ሁለት ቅጂ ይዘህ ሂድ፤ አንዱ ላይ የመዝገብ ቤቱን የገቢ ማህተም፣ ቀንና ቁጥር አስመታ። በኢሜይልም ላከው። ማህተም ያረፈባት ያቺ ወረቀት ከፖሊሲው ጋር አብራ ትቀመጥ።

ደብዳቤው ራሱ ምን ይበል? አብዛኛው ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው። አንዳንዱ ከማሳጠሩ የተነሳ ምንም አይልም፣ አንዳንዱ ደግሞ ንስሐ ይገባበታል። የአንተን ጉዳይ ይዤ እንዲህ ብዬ ሞክሬዋለሁ፦

«ጉዳዩ፦ የካሳ ጥያቄ ሊያስነሳ የሚችል ሁኔታን ስለማስታወቅ። በፖሊሲ ቁጥራችን … የማስታወቂያ አንቀጽ መሠረት የሚከተለውን ሁኔታ እናስታውቃለን። ድርጅታችን ደብረ ብርሃን ከተማ፣ … ቀበሌ የሚገኘውን ጂ ፕላስ 3 ሕንፃ ዲዛይን በ2014 ዓ.ም. ሠርቷል፤ ግንባታውንም በ2016 ዓ.ም. እስከተደረገው ርክክብ ድረስ ተቆጣጥሯል። ግንቦት … ቀን 2017 ዓ.ም. የሕንፃው ባለቤት በምድር ቤት ግድግዳ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ መታየቱንና አንድ በር አለመዘጋቱን በፎቶ አሳውቀውናል። ሕንፃው ያረፈው በዋልካ አፈር ላይ ነው። ምክንያቱ ገና አልተጣራም። ሁኔታው ከመሠረቱ፣ ከምድር ወለሉ፣ ዲዛይኑ ከተመሠረተበት የአፈር ምርመራ ወይም ከቁጥጥር ሥራችን ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። በዚህም ባለቤቱ፣ ተከራዮች ወይም ሥራ ተቋራጩ ለጥገና ወጪ፣ ለኪራይ መቋረጥ ወይም ለሌላ ጉዳት ካሳ ሊጠይቁን ይችላሉ። እስካሁን የቀረበ የካሳ ጥያቄ የለም። ይህ ማስታወቂያ ኃላፊነትን ማመን አይደለም። ፎቶዎቹና መልእክቱ ተያይዘዋል።»

በቃ። አንድ ገጽ አይሞላም። ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሥራ አለው።

መጀመሪያ የሌለውን ተመልከት። «የመሠረቱን ጥልቀት አሳንሰናል» አይልም። ምክንያቱን ገና አታውቅም። የዋልካ ጠባይ ደግሞ አንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለህ፤ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ውሃው ከየት መጣ? ምናልባት ባለቤቱ ያስገጠመው የውሃ ቧንቧ እያፈሰሰ ነው። ምናልባት የጣሪያው አሸንዳ ተሰብሮ ግድግዳው ሥር ይፈሳል። ምናልባትም የእናንተ ስህተት ነው። ሳይጣራ ጥፋቱን በራስህ ላይ ከጻፍክ፣ ያቺ ወረቀት አንድ ቀን ባለቤቱ እጅ ትገባለች። በዚያ ላይ አብዛኛው ፖሊሲ ያለ ኢንሹራንሱ ፈቃድ ጥፋት ማመንን ይከለክላል። የሆነውን ጻፍ፣ የምታስበውን ተው።

ቀጥሎ ያለውን ተመልከት። «ስንጥቅ ታየ» ብለህ ብቻ ብትተወው ምን ይሆናል? ነሐሴ ላይ የጓሮው ወለል ወደ ላይ ተነሳ እንበል። ባለቤቱ የጠየቀህ ስለ ወለሉ ነው። ኢንሹራንሱ «እናንተ ያስታወቃችሁት የግድግዳ ስንጥቅ ነው፣ ይሄ ሌላ ነገር ነው» የማለት በር አገኘ። የማስታወቂያው ጉልበት የሚሠራው ኋላ የሚመጣው ጥያቄ ካስታወቅኸው ሁኔታ የሚመነጭ ሲሆን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ከስንጥቁ አልፌ መሠረቱን፣ ወለሉን፣ የአፈር ምርመራውንና ቁጥጥሩን ያነሳሁት። የሚታየውን ምልክት ብቻ አትጻፍ፣ ምልክቱ ሊያመጣው የሚችለውን ሥርም ጻፍ፤ «ሊሆን ይችላል» ከሚል ቃል ጋር።

ይህን ስትሰማ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ አትሩጥ። «በሠራናቸው ሕንፃዎች ሁሉ ላይ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ሁሉን አስመዘገብኩ ብሎ የሚተኛ አለ። እንዲህ ያለው ዋጋ የለውም። ተጨባጭ የሆነ ነገር፣ የሚታወቅ ሥራ፣ ሊጠይቅ የሚችል ወገን ከሌለው ሁኔታ አይባልም። የፍርሃት መግለጫ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፤ በደብዳቤህ አልጠቀስከውም። ያንን የአፈር ምርመራ ውጤት ለሌላ ሕንፃም ተጠቅማችሁበታል? ከተማ ውስጥ ያለ ትንሽ ቢሮ አጠገብ ላጠገብ ባሉ ቦታዎች ሲሠራ፣ አንዱን የምርመራ ወረቀት ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ማንሳት የተለመደ ነው። አሁን እውነቱን እንነጋገር። እንደዚያ ከሆነ ሁኔታው አንድ ሕንፃ ብቻ አይደለም። እነዚያንም በስም በቦታ ለይተህ፣ «በዚሁ የአፈር መረጃ ላይ ተመሥርቶ ዲዛይናቸው የተሠራ» ብለህ በዚሁ ደብዳቤ ጨምራቸው። እዚያ ምንም ስንጥቅ ባይታይም የጋራ ምክንያት አላቸው፤ ከባዶ ፍርሃት የሚለየውም ይሄ ነው። ኢንሹራንሱ ሊከራከርበት ይችላል። ሳይጠቀሱ ከቀሩ ግን የምትከራከርበትም ነገር አይኖርህም።

ወደ አዲሱ ኩባንያ እንሂድ። ፕሮፖዛል ፎርሙ ላይ «የካሳ ጥያቄ ሊያስነሳ የሚችል የምታውቁት ሁኔታ አለ?» የሚል ጥያቄ አለ። «አዎ» በል። ለአሮጌው ኢንሹራንስ የሰጠኸውን ደብዳቤ ግልባጭ አያይዝ። እነሱም ያንን ሕንፃ ከሽፋናቸው ያወጡታል። አትከፋ፣ ያ ሕንፃ የሚኖረው በአሮጌው ፖሊሲ ውስጥ ነው። «አይ» ብለህ ብትሞላ ግን ስለዚህ ሕንፃ ብቻ አይደለም የምትጎዳው። የንግድ ሕጋችን አውቆ ለደበቀ ወይም ሐሰት ለተናገረ ሰው ውሉ እንዲፈርስ ይፈቅዳል። በአንድ ሕንፃ ምክንያት የሌሎቹን ሁሉ ሽፋን ታጣለህ።

እግረ መንገዴን፣ ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ጠይቅ። «ሪትሮአክቲቭ ዴት» የሚባል ቀን አለ፤ ፖሊሲው ከዚያ ቀን በፊት የተሠራ ሥራን አይመለከትም። አሮጌው ፖሊሲህ ከ2010 ጀምሮ የሠራኸውን ይዞ፣ አዲሱ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ብቻ የሚጀምር ከሆነ፣ ረከሰ ማለት አይቻልም። ባዶ ነው። ቀኑ ከአሮጌው ጋር እኩል እንዲሆን በጽሑፍ ይስጡህ፤ ካልሆነ እዚያው ያለህበት አድስ።

ሸሪክህ «አረቦኑ ይጨምርብናል» ማለቱ አይቀርም። ሊጨምር ይችላል፤ አልዋሽህም። ማስታወቁ በራሱ ግን ምንም አያስከፍልም። ከራሳችሁ የምትከፍሉት ኤክሰስ የሚመጣው ካሳ ወይም የክስ መከላከያ ወጪ ሲኖር ነው። ጥያቄው ሳይመጣ ከቀረ ደብዳቤዋ ፋይል ውስጥ ትቀመጣለች። የማይወራ አንድ ጉድለት አለው፦ ከሦስት ዓመት በኋላ ጥያቄ ቢመጣም የሚከፈለው በ2017ቱ ፖሊሲ የክፍያ ጣሪያ ነው። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ እንዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ። ያም ሆኖ አነስ ያለ ጣሪያ ከሜዳ ይሻላል።

ደብዳቤው ከገባ በኋላ «ማስታወቂያችሁ ደርሶናል፣ መብታችን እንደተጠበቀ ነው» የሚል መልስ ይመጣልሃል። ይህ እንቢታ አይደለም፤ እሺታም አይደለም። ተጨማሪ ወረቀት ከጠየቁ ቶሎ ስጥ። መልሱ በሳምንት ውስጥ ካልመጣ እየደወልክ አስታውስ፣ የደወልክበትንም ቀን ጻፍ። የአፈር ምርመራውን፣ ስሌቱን፣ ሥዕሎቹንና የሳይቱን መመሪያ መዝገብ ሰብስበህ አስቀምጥ። አንዲት መስመር እንዳታርም! የተስተካከለ መዝገብ ከስህተቱ የባሰ ያስጠይቃል። ጥር ላይ የጠበቃው ደብዳቤ ከመጣ ደግሞ፣ በዚያው ቀን ለአሮጌው ኢንሹራንስ ላከው፤ «በሰኔ 2017 ባስታወቅነው ሁኔታ ላይ የቀረበ ጥያቄ» ብለህ፣ የገቢ ቁጥሩን ጠቅሰህ። ሁለት ዓመት ቆይቶም ቢመጣ እንደዚሁ ነው።

ባለቤቱን ዝም አትበለው። ሰውየው የጠራህ በወዳጅነት ነው። ሄደህ እይ፣ ፎቶ አንሳ፣ የስንጥቁን ስፋት ለካና ቀኑን ጻፍበት። ሰው ላይ የሚወድቅ ነገር ካየህ ክፍሉን እንዲለቁ እዚያው ንገራቸው፤ ለደህንነት ማስጠንቀቅ ጥፋት ማመን አይደለም። «እኛ እናሠራዋለን»፣ «ወጪውን እንካፈላለን»፣ «ይቅርታ፣ የእኛ ጥፋት ነው» የሚሉት ግን ከአፍህ እንዳይወጡ። እኛ አገር ትልቅ ሰው ፊት ቡና ተቀምጦ ይህን አለማለት ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ለዛሬ ማታ ይህን ብትልክለት ይበቃል፦ «ጋሼ፣ ፎቶዎቹ ደርሰውኛል፣ አመሰግናለሁ። ሐሙስ ጠዋት መጥቼ አየዋለሁ። እስከዚያ ግድግዳው ሥር ውሃ እንዳይቆም ያድርጉልኝ፤ ስንጥቁንም አያስመርጉት።»